የሌለ ዋቢ፣ ያልተባለ ጥቅስ፦ አንድ ጽሑፍ ከማሽን መውጣቱን በምን እናውቃለን?

አንድ መምህር የተማሪውን ጽሑፍ አንብቦ ይጠራጠራል። ጽሑፉን ገልብጦ የማሽን ጽሑፍ እንለያለን ከሚሉት መሣሪያዎች ወደ አንዱ ያስገባና «87 በመቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ» የሚል ውጤት ያገኛል። ተማሪው ይጠራል፣ ይከሰሳል፣ ውጤቱ ይሰረዛል። ያንን 87 ግን ማንም መርምሮ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ይግባኝ የሚሰማው ኮሚቴም። እዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያለው የዋቢ ዝርዝር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ማንም ሰው በራሱ ዓይን አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችለው ማስረጃ ያለው ግን እዚያ ነው።

ይህ ማብራሪያ የሌለ ዋቢና ያልተባለ ጥቅስ ለምን ከመሣሪያ ውጤት እንደሚበልጡ ያስረዳል፤ የት ላይ ሊያሳስቱ እንደሚችሉም ይናገራል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለያ መሣሪያው የሚሰጠው መቶኛ ምን ይነግረናል?

መለያ መሣሪያ ጽሑፉ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከሚለካቸው ዋና ነገሮች አንዱ የቃላቱ ተገማችነት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በቀላሉ የሚገመት ከሆነና ዓረፍተ ነገሮቹም ወጥ ከሆኑ «ማሽን» ወደሚለው ያደላል። ችግሩ ቀላልና ጥንቁቅ አድርጎ የሚጽፍ ሰውም ተገማች መሆኑ ነው።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 እንዲህ ያለ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ኩባንያው በሰጠው መግለጫ መሠረት መሣሪያው በማሽን ከተጻፉ ጽሑፎች በትክክል የለየው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ በሰው ከተጻፉት ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት የማሽን ናቸው ብሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከአገልግሎት ወጣ።

9 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ እናስላው። 200 ተማሪዎች ጽሑፍ አስገቡ እንበል፤ 20ዎቹ በማሽን አስጽፈዋል፣ 180ዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። መሣሪያው ከ20ዎቹ አምስት ያህሉን ይይዛል፣ ከ180ዎቹ ደግሞ 16 ያህሉን ያለ ጥፋታቸው ይወነጅላል። ጣት ከተቀሰረባቸው 21 ተማሪዎች 16ቱ ንጹሐን ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ መሣሪያዎች ከዚህ የተሻሉ ቢሆኑም ስሌቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ በራሳቸው የሚጽፉት በበዙ ቁጥር ትንሿ ስህተት ብዙ ንጹሕ ሰው ትነካለች።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያ መሣሪያዎች ፈተኑ። መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ድርሰቶች የማሽን ናቸው አሉ፤ ከ91ዱ 89ኙን ቢያንስ አንድ መሣሪያ በስህተት ወንጅሏቸዋል። የአሜሪካ ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰቶች ግን በአብዛኛው በትክክል ታውቀዋል። በአማርኛ አፉን ፈትቶ በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ፣ አዲስ አበባ ይሁን ዋሽንግተን፣ ያለው ከእነዚህ 91 ድርሰቶች ጸሐፊዎች ወገን ነው። የተማረውን ቀላልና ትክክለኛ እንግሊዝኛ መጻፉ ጥፋት ሆኖ ሊቆጠርበት አይገባም።

ማሽኑ የሌለ መጽሐፍ ለምን ይጠቅሳል?

የቋንቋ ሞዴል የሚባለው፣ ከእነ ቻትጂፒቲ ጀርባ ያለው ሥርዓት፣ እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መተንበይን የተማረ ነው። ፍለጋ ካልተገጠመለት በቀር ዋቢ ሲጽፍ ከመደርደሪያ መጽሐፍ አንስቶ አያይም። ዋቢ ምን እንደሚመስል ግን ጠንቅቆ ያውቃል፦ የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ ርእስ፣ የመጽሔት ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ።

አንድ ሰው አዲስ አበባን ሳያውቅ የአድራሻ አጻጻፏን ብቻ አጥንቷል እንበል። አድራሻ ሲጠየቅ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን በትክክለኛ ቅደም ተከተል ይጽፋል። ክፍለ ከተማው እውነተኛ ነው፣ ወረዳውም አለ፣ የቤት ቁጥሩም የሚያስኬድ ነው። ሄደን ስናንኳኳ ግን የሚከፍትልን የማናውቀው ሰው ነው፤ ወይም ቤቱ ከነጭራሹ የለም።

የማሽን ዋቢ ልዩ ምልክትም ይኸው ነው። ክፍሎቹ ለየብቻ እውነተኛ ይሆናሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የትም የሉም። ደራሲዋ በሙያው የታወቀች ምሁር ናት፤ መጽሔቱ አለ፤ ቅጹና ገጹ ከዓመቱ ጋር ይስማማሉ፤ ርእሱ ጽሑፉ ሊያስረዳ የፈለገውን ነጥብ ልክክ አድርጎ ይናገራል። ያ መጽሔት በዚያ ገጽ ላይ ያሳተመው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። በ2023 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ መጽሔት የወጣ ጥናት ቻትጂፒቲ የጻፋቸውን 636 ዋቢዎች አንድ በአንድ አጣርቶ፣ በጊዜው ከነበሩት ሁለት ሞዴሎች በጂፒቲ 3.5 ከተጻፉት 55 በመቶው፣ በጂፒቲ 4 ከተጻፉት 18 በመቶው የሌሉ መሆናቸውን አግኝቷል።

በኒው ዮርኩ ችሎት ምን ተገኘ?

ይህ ሁሉ በግልጽ የታየበት ጉዳይ በ2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት የታየው የአቪያንካ አየር መንገድ ክስ ነው። አንድ ተሳፋሪ በ2019 ከኤል ሳልቫዶር ወደ ኒው ዮርክ ሲበር የምግብ ማመላለሻ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ ካሳ ጠየቀ። አየር መንገዱ ዓለም አቀፍ በረራን የሚመለከተው የሞንትሪያል ስምምነት የሚፈቅደው የሁለት ዓመት የይርጋ ጊዜ አልፏል ሲል ተከራከረ። የከሳሹ ጠበቆች ደግሞ አየር መንገዱ በኪሳራ ሂደት ላይ ስለነበር የይርጋው ቆጠራ ቆሟል ብለው በመጋቢት 1 ቀን መልስ አስገቡ። መልሱን የሚያጠናክሩ ቀደምት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችም ጠቀሱ። ከመካከላቸው ዋነኛው «ቫርጌዝ በቻይና ሳውዘርን አየር መንገድ ላይ» የሚል ርእስ ያለው የ2019 የይግባኝ ውሳኔ ነበር።

የተቃራኒው ወገን ጠበቆች መለያ መሣሪያ አልተጠቀሙም። የተጠቀሱትን ውሳኔዎች ሊያነቡ ፈለጉ፣ አጡ፤ በመጋቢት 15 ማጣታቸውን ለፍርድ ቤቱ ጻፉ። ዳኛው ኬቨን ካስቴል በሚያዝያ 11 የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው፦ የውሳኔዎቹን ቅጂ አምጡ። ጠበቆቹም ከሁለት ሳምንት በኋላ አመጡ፤ ቢያንስ ቅጂ የሚመስል ነገር።

የማጣራቱ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። በአሜሪካ የይግባኝ ውሳኔዎች ቅጽና ገጽ ባላቸው ተከታታይ መድበሎች ይታተማሉ። ቫርጌዝ ይገኝበታል የተባለው 925ኛው ቅጽ፣ ገጽ 1339 ነው። ቅጹ ሲገለጥ ያ ገጽ ያለው ጄዲ በአዛር ላይ የሚባል፣ ከአውሮፕላን ጉዞ ጋር የማይገናኝና በሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ውስጥ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ ሲፈለግ የሌላ ሰው መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ውሳኔውን ሰጠ የተባለው ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤትም እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዳላየ አረጋገጠ። በውሳኔው ላይ የሰፈሩት ዳኞች ስም ግን የእውነተኛ ዳኞች ስም ነበር። አድራሻው በሙሉ የሚያስኬድ፣ ቤቱ ግን የሌላ ሰው።

ቀርቦ የታየው የውሳኔው ቃልም ራሱን ያጋልጣል። መጀመሪያ ላይ ከሳሿ ለሞተ ሰው ካሳ የምትጠይቅ ሴት ናት። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ሲባል ከሳሹ በረራ ያመለጠው ሌላ ሰው ሆኗል፣ የክሱም ዓይነት ተለውጧል። በውስጡ የተጠቀሱ ሌሎች ውሳኔዎችም ሲፈለጉ አንዳንዶቹ የሉም። ዳኛው ስድስት ውሳኔዎች ሐሰተኛ መሆናቸውን፣ በውስጣቸው ያሉት ጥቅሶችና ዋቢዎችም ሐሰተኛ መሆናቸውን በግንቦት ጻፉ። ጥናቱን ያደረገው ጠበቃ ውሳኔዎቹን ከቻትጂፒቲ ማግኘቱን አመነ። ቫርጌዝ እውነተኛ ጉዳይ ነውን ብሎ ያንኑ ፕሮግራም ጠይቆት፣ አዎን የሚል መልስ ማግኘቱም ተገለጠ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ የማጣራት እርምጃ በማንም ሊደገም መቻሉ ነው። 925ኛውን ቅጽ ዛሬ የሚገልጥ ሰው ዳኛው ያዩትን ያያል። የመለያ መሣሪያ ግን ዛሬ 87 ያለው ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ሲቀየርለት፣ ወይም በሌላ መሣሪያ ሲታይ፣ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው፣ ማስረጃው የሚያረጋግጠው ነገር ከማሽን ጉዳይ የጠነከረ መሆኑ ነው። ጠበቃው ቻትጂፒቲን አልነካሁም ብሎ ቢምል ኖሮ እንኳ፣ ያላነበበውን ውሳኔ አንብቤዋለሁ በሚል አኳኋን ለፍርድ ቤት ማቅረቡ በመድበሉ ብቻ ይረጋገጥ ነበር።

የተፈበረከ ጥቅስስ እንዴት ይታወቃል?

ዋቢው እውነተኛ ሆኖ ጥቅሱ ያልተባለ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህኛው ለመያዝ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2025 ዴሎይት የተባለው አማካሪ ድርጅት ለአውስትራሊያ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት 440,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የተከፈለበት ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱን ያነበበ አንድ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የማያውቃቸው መጻሕፍት በሚያውቃቸው ባልደረቦቹ ስም ተጠቅሰው አየ። ከአንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ የተወሰደ ተብሎ በትእምርተ ጥቅስ የሰፈረ ቃልም ነበር። ውሳኔው አለ፣ ጉዳዩም የታወቀ ነው፤ የተጠቀሰው ቃል ግን በውስጡ የለም። ድርጅቱ ሪፖርቱን አርሞ በድጋሚ ሲያወጣ በሥራው የቋንቋ ሞዴል መጠቀሙን ገለጸ፤ ከክፍያውም ከፊሉን ለመመለስ ተስማማ።

እዚህ ላይ ስህተቱን የያዘው የአንባቢ እውቀት ነው። የባልደረባውን ሥራዎች የሚያውቅ ሰው ያላሳተመችውን መጽሐፍ በስሟ ሲያይ ይደነግጣል። ይህን እውቀት የሌለን ሰዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አለን። ትእምርተ ጥቅስ ከባድ ቃል ኪዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ቃል በቃል ተብሏል ማለት ነው። ስለዚህ ምንጩን ከፍቶ ጥቅሱን ቃል በቃል መፈለግ ይበቃል። ማሽን የሚፈበርከው ጥቅስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጸሐፊው ክርክር በሚደክምበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ የጎደለውንም በሚገባ ይሞላል። የታወቀ ሰው የሚያስፈልገንን ነገር በሚያስፈልገን ቃላት ብሎ ሲገኝ፣ ምንጩን መክፈት ያን ጊዜ ነው።

ሰውስ የሌለ ዋቢ አይጽፍም?

ይጽፋል፤ ይህን መርሳት ሌላ ግፍ ያስከትላል። ማሽኖቹ ከመምጣታቸው ከዓመታት በፊት፣ «ሳይንሳዊ ጽሑፍ የመጻፍ ጥበብ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘና በ2000 ታተመ የተባለ ጽሑፍ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥናቶች ተጠቅሶ ተገኝቶ ነበር። ጽሑፉ የለም። አንድ ትልቅ አሳታሚ ለደራሲዎች ባዘጋጀው የአጻጻፍ ናሙና ላይ ለምሳሌ ብቻ ያስቀመጠው ነው፤ ደራሲዎቹ ናሙናውን ሳይሰርዙ፣ ወይም ሳያጣሩ ከሌላ ሰው ገልብጠው ቀጠሉበት። ከጋዜጠኞችም መካከል ጥቅስ ፈብርከው የተያዙ አሉ።

ስለዚህ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል። የሰው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ወደ እውነተኛ ነገር ይመልሰናል፤ ዓመቱ በአንድ ይዛነፋል፣ ገጹ ይገለበጣል፣ የደራሲው ስም ፊደል ይጎድላል፣ ጥቂት ፈልገን ግን ጽሑፉን እናገኘዋለን። የማሽኑ ዋቢ በየትኛውም በኩል ቢፈለግ የትም አያደርስም፣ ወይም ቁጥሩ ወደ ሌላ ነገር ይወስዳል። በተለይ ዘመናዊ መጽሔቶች ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጡት ቋሚ መለያ ቁጥር ጠቃሚ ነው። ከ https://doi.org/ ቀጥሎ ቁጥሩ ሲጻፍ ጽሑፉ ይከፈታል። ስለ ቡና በሽታ በሚያወራ ዋቢ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና የሚናገር ጽሑፍ ቢከፍት፣ ያ ተራ የፊደል ግድፈት አይመስልም። እንዲህ ያለ ዋቢ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ከተገኘ፣ ከዚህ የሚጠነክር ምልክት አላውቅም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አርታኢዎችም በነሐሴ 2025 ባጸደቁት ደንብ፣ ሰው ሳያያቸው ከማሽን የወጡ ገጾችን ያለ ረጅም ውይይት ለመሰረዝ ከሚያበቁት ጥቂት ምልክቶች አንዱ የሌለ ዋቢ ነው። የመሣሪያ ውጤት ከእነዚያ ምልክቶች መካከል የለም።

የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ዋቢው ሁሉ ትክክል መሆኑ ጽሑፉ የሰው ነው አያሰኝም። አሁን ያሉት ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ ፈልገው እውነተኛ ጽሑፍ መጥቀስ ይችላሉ። በእነዚህ ላይ የሚታየው ጥፋት ዓይነቱ ይለወጣል፤ ምንጩ አለ፣ ነገር ግን ተናገረ የተባለውን አይናገርም።

የአገራችን መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ ባይገኙስ?

ይህ ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። «ጎግል ላይ ፈልጌ አጣሁት» ማለት ለ2019 የአሜሪካ ፍርድ ጥሩ ምልክት ሲሆን፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ለታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬም በወረቀት ብቻ አሉ። ወመዘክር ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳይታይ «የለም» ብሎ መፍረድ አይገባም።

ያሉትም ቢሆኑ ከፈላጊ ዓይን ሊሰወሩ ይችላሉ። በ1995 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በውጭ ማውጫዎች 2002 ወይም 2003 ተብሎ ይመዘገባል። ደራሲያችንን በራሱ ስም ስንፈልግ የውጭው ማውጫ በአባቱ ስም መዝግቦት ይሆናል። ገብረ ሥላሴ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ። ይህን የማያውቅ መርማሪ እውነተኛ ዋቢ ያቀረበን ተማሪ በሐሰት ሊከስስ ይችላል።

በአንጻሩ በቀላሉ የሚጣሩ የአገር ውስጥ ምንጮች አሉን። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው ከነቁጥሩና በእኛ አቆጣጠር ከነዓመቱ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህን ቁጥር ይዞ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራ ጽሑፍ ካየን ጋዜጣውን መግለጥ ብቻ ይበቃናል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽና በመዝገብ ቁጥር ታትመው ይወጣሉ። የኒው ዮርኩ ዓይነት ማጣራት እዚህም ያለ ምንም መሣሪያ ይቻላል።

የሌለ የሚመስል ዋቢ ሲገኝ ምን ይደረጋል?

የካስቴል ትእዛዝ ለመምህርም ለአርታኢም ይሠራል፦ ምንጩን አሳየኝ። አንድ ዋቢ ላይ ከመንጠልጠል ሦስት አራቱን መርጦ፣ መጽሐፉን ወይም የተጠቀሰውን ገጽ ፎቶ እንዲያመጣ ጸሐፊውን መጠየቅ ነው። እውነት ያነበበ ሰው ከየት እንዳገኘው ያውቃል፤ መጽሐፉን ከወዳጁ ተውሶ ከሆነም የማን መጽሐፍ እንደሆነ ይናገራል፣ መልስ ለማምጣትም ቀናት ይሰጡታል። ከመለያ መሣሪያ ውጤት ጋር ሲፋጠጥ ግን ተማሪው ማቅረብ የሚችለው መሐላ ብቻ ነው።

በአቪያንካ ጉዳይ ዳኛው በሰኔ 22 ቀን 2023 በጠበቆቹና በድርጅታቸው ላይ በአንድነት 5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ስማቸው በሐሰተኞቹ ውሳኔዎች ላይ ለሰፈረው እውነተኛ ዳኞችም የሆነውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲላክ አዘዙ። አስተማማኝ በሆነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መታገዝ በራሱ ነውር እንዳልሆነ በውሳኔያቸው ጽፈዋል። ያስቀጣቸው፣ ውሳኔዎቹ መኖራቸው ጥያቄ ላይ ከወደቀ በኋላም ሳያጣሩ በአቋማቸው መጽናታቸው ነበር።